የአትክልት መሳቢያዋ ትንሽ መስኮት፦ ቅጠሉ እንዳይጠወልግ፣ ፍሬውም ቅጠሉን እንዳያበላሽ

በብዙ ማቀዝቀዣዎች የታችኛው ክፍል አንድ ወይም ሁለት የአትክልት መሳቢያዎች አሉ። በመሳቢያው ፊት ወይም ከላዩ ባለው ክዳን ጠርዝ ላይ ግራና ቀኝ የምትንሸራተት ትንሽ ፕላስቲክ ትገኛለች። በአንድ ጫፏ «ሃይ» በሌላው «ሎው» ተብሎ ይጻፋል፤ አንዳንዱ ላይ ደግሞ በጽሑፍ ፈንታ የቅጠልና የፖም ሥዕል ይታተማል። እኔ ለብዙ ዓመታት ይህቺን ፕላስቲክ የቅዝቃዜ መጨመሪያና መቀነሻ አድርጌ እቆጥራት ነበር። ሰላጣና ፖም በአንድ መሳቢያ ከትቼ፣ «ሃይ» የሚለው የተሻለ ይቀዘቅዛል ብዬ ወደዚያ ገፍቻት እተው ነበር። ሰላጣው በአምስተኛው ቀን የመካከል አጥንቱ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ሲያወጣ ጥፋቱን የማስበው በሻጩ ላይ ነበር። አሁን ሳውቀው ሰላጣውን ያበላሸሁት እኔው ነኝ፤ ያበላሸሁትም በዚያች ፕላስቲክና ከጎኑ ባስቀመጥኩት ፖም ነው።

ፕላስቲኳ ቅዝቃዜ አትጨምርም፤ እርጥበትም አታመርትም። ከኋላዋ ቀዳዳ አለ፤ ሥራዋ እሱን መክፈትና መዝጋት ብቻ ነው። «ሃይ» ማለት ቀዳዳው ተዘግቷል፣ በውስጥ ያለው እርጥበት አይወጣም ማለት ነው። «ሎው» ማለት ቀዳዳው ተከፍቷል፣ የመሳቢያው አየር ከማቀዝቀዣው አየር ጋር ይቀላቀላል ማለት ነው። እንግዲህ የምንነጋገረው ስለ አንዲት ትንሽ መስኮት ነው። መስኮቷ መቼ መዘጋት፣ መቼ መከፈት እንዳለባት ለመረዳት ግን በመጀመሪያ የማቀዝቀዣው አየር ለምን ያን ያህል ደረቅ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

አየር የሚሸከመው የውሃ ትነት መጠን እንደ ሙቀቱ ይለያያል። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 17 ግራም የሚደርስ ትነት መያዝ ይችላል። በ4 ዲግሪ ግን ከ6 ግራም ተኩል አያልፍም። አየሩን የሚያቀዘቅዘው የማቀዝቀዣው የውስጥ ቱቦ ደግሞ ከዚያም በብዙ የቀዘቀዘ፣ ከዜሮ በታች የሆነ ነው። አየሩ በዚህ ቱቦ ላይ ሲያልፍ የያዘው ትነት በረዶ ሆኖ ቱቦው ላይ ይቀራል። ከቱቦው የተመለሰው አየር ቀዝቃዛ ብቻ ሳይሆን የተጠማም ነው። ቱቦው ላይ የተከማቸው በረዶ በየጊዜው ይቀልጥና በቀጭን ቧንቧ ወርዶ ከማቀዝቀዣው በስተጀርባ ወይም ከሥሩ ባለ ሳህን ላይ ይጠራቀማል፤ ከዚያም ወደ ክፍሉ አየር ይተናል። በዚያ ሳህን ውስጥ ካለው ውሃ ከፊሉ በሩ ሲከፈት ከውጭ የገባ እርጥበት ነው። የቀረው ከምግባችን የወጣ ነው፤ ከሰላጣው፣ ከቆስጣው፣ ክዳን ሳይደረግበት ከቀረው ወጥ።

ሰላጣን የመሰለ ቅጠል ከ100 ግራሙ 95 ግራም ያህሉ ውሃ ነው። ቅጠሉ ቀጥ ብሎ የሚቆመው እንደ እንጨት ጠንካራ አካል ስላለው ሳይሆን ሕዋሳቱ በውሃ ተወጥረው ስለሚደጋገፉ ነው። ውጥረቱ ሲላላ ቅጠሉ ይረግባል። ለዚህ ደግሞ ብዙ ውሃ ማጣት አያስፈልገውም፤ ከክብደቱ ከ3 እስከ 5 በመቶ የሚሆነውን ካጣ በዓይን የሚታይ መጠውለግ ይጀምራል። 300 ግራም የሚመዝን አንድ ራስ ሰላጣ 12 ግራም ውሃ ቢያጣ፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ ከግማሽ ያህል፣ ማራኪነቱ ያበቃል።

አሁን ይህን መጠን ከመሳቢያው አየር ጋር እናስተያየው። 20 ሊትር የሚይዝ መሳቢያ በ4 ዲግሪ ውስጡ ያለው አየር ሙሉ በሙሉ እስኪጠግብ ድረስ የሚጠጣው ውሃ 0.13 ግራም ገደማ ነው። ይህ ሁለት ወይም ሦስት ጠብታ ነው። መስኮቷ ከተዘጋ ሰላጣው እነዚያን ጠብታዎች ለአየሩ ይሰጣል፤ አየሩም ጠግቦ ሌላ መጠየቁን ያቆማል። መስኮቷ ከተከፈተች ግን የጠገበው አየር ወጥቶ የተጠማው ይገባል፣ ሰላጣውም እንደገና ይሰጣል። ፍጹም ደረቅ አየር እየገባ ጠግቦ ቢወጣ እንኳ 12 ግራሟ እንድታልቅ አየሩ ከዘጠና ጊዜ በላይ መለወጥ አለበት። በማራገቢያ ለሚሠራና አየሩ ሳያቋርጥ ለሚዘዋወርበት ማቀዝቀዣ ግን ይህ ከባድ ሥራ አይደለም።

ከዚህ ስሌት ሁለት ነገር ይከተላል። የመጀመሪያው፣ እርጥበቱ የሚመጣው ከቅጠሉ ከራሱ እንጂ ከማቀዝቀዣው አይደለም። ስለዚህ በተዘጋ ትልቅ መሳቢያ ውስጥ አንዲት እፍኝ ቅጠል ብቻዋን ካስቀመጥን መሳቢያው በተከፈተ ቁጥር የሚገባውን ደረቅ አየር የማጥገቡ ጫና በእሷ ላይ ብቻ ይወድቃል። ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ የሞላ መሳቢያ እርጥበቱን በተሻለ ይይዛል። ቅጠሉ ጥቂት ከሆነ በላላ ከረጢት ውስጥ ከትቶ መሳቢያው ውስጥ ማኖር ነው፤ ከረጢቱ ትንሽ መሳቢያ ይሆንለታል። ሁለተኛው፣ መሳቢያውን ለማየት ብቻ መክፈት ዋጋ አለው። ከፍቶ የሚያስፈልገውን አንስቶ መዝጋት ይሻላል።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ «ዝጋው» የሚል ይመስላል። ታዲያ ክፍቱ ለምን አስፈለገ?

ምክንያቱ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ነው። ቀለም የለውም፤ ፍራፍሬ በሚለቀው መጠን በአፍንጫም አይታወቅም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የከተማ መንገዶች በጋዝ መብራት ሲበሩ፣ ጋዝ የሚያፈስ ቧንቧ ያለባቸው ስፍራዎች ዛፎች ያለ ወቅታቸው ቅጠላቸውን ያረግፉ ነበር። በ1901 ዲሚትሪ ኔልዩቦቭ የተባለ ሩሲያዊ ተመራማሪ በቤተ ሙከራው የበቀሉ የአተር ቡቃያዎች ለምን ጠማማና አጭር እንደሚሆኑ ሲመረምር፣ ጥፋተኛው ከመብራት ጋዙ ውስጥ ያለው ኤቲሊን መሆኑን አሳየ። በ1934 ደግሞ እንግሊዛዊው ሪቻርድ ጌን የበሰለ ፖም ራሱ ይህን ጋዝ እንደሚያመርት አረጋገጠ። ኤቲሊን የተክሎች የራሳቸው መልእክት ነው፤ ለፍሬ «ብሰል»፣ ለቅጠል «አርጅ፣ ርገፍ» የሚል መልእክት።

ሁሉም ፍሬ ይህን መልእክት በእኩል አይልክም። ፖም፣ ፒር፣ አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ሙዝ፣ ቲማቲም፣ ኮክና ፕሪም ከተቀጠፉ በኋላም መብሰላቸውን ይቀጥላሉ፤ በሚበስሉበት ጊዜም ብዙ ኤቲሊን ይለቃሉ። የአንዱ ጋዝ ሌላውን ያነቃል፤ የተነቃውም በተራው ይጨምራል። ብርቱካን፣ ሎሚ፣ ወይን፣ እንጆሪና አናናስ ግን ከተቀጠፉ በኋላ አይበስሉም፤ የሚለቁትም ጋዝ እጅግ ጥቂት ነው። ይህ ልዩነት ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነው። የፖም ሥዕል ያለበትን መሳቢያ ያዩ ሰዎች ፍሬ የተባለ ሁሉ ለቅጠል ጠላት ነው ብለው ያስባሉ። ብርቱካን ከሰላጣ አጠገብ ቢቀመጥ ሰላጣውን አያስረጅም። አንድ የበሰለ ፖም ግን ያስረጃል።

ቅጠላ ቅጠል ለዚህ ጋዝ የሚሰጠው ምላሽ እንደየዓይነቱ ይለያያል። ሰላጣ የመካከል አጥንቱ ላይ እንደ ዝገት ያሉ ጥቃቅን ቡናማ ነጠብጣቦች ያወጣል፤ ያ በሻጩ ያሳበብኩበት ምልክት ይህ ነበር። ቆስጣና ስፒናች ቢጫ ይሆናሉ። ጥቅል ጎመን ቢጫ ሆኖ ቅጠሎቹ ከግንዱ ይላቀቃሉ። ብሮኮሊ በእውነቱ ያልፈኩ የአበባ እምቡጦች ስብስብ ስለሆነ ጋዙ ሲደርሰው ቶሎ ቢጫ ይለብሳል። ካሮት በመልኩ ምንም ሳይለወጥ ይመራል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው መጠን አስገራሚ ነው፤ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ አንድ ክፍል እንኳ የማይሞላ ኤቲሊን በቀናት ውስጥ ሰላጣን ሊያበላሽ ይችላል።

የተዘጋ መሳቢያ ውስጥ ፖምና ሰላጣ አብሮ ማኖር ያለውን ጉዳት አሁን ማየት ይቻላል። መስኮቷ ለሰላጣው ውሃ ተብላ ስትዘጋ የፖሙንም ጋዝ አብራ ታስቀራለች። መስኮቷን መክፈት ደግሞ ጋዙን አስወጥቶ ሰላጣውን ያደርቃል። በአንድ መሳቢያ ሁለቱን ማዳን አይቻልም። ሁለት መሳቢያ የተሠራው ለዚህ ነው፤ የተዘጋው በውሃ ማጣት ለሚሞተው፣ የተከፈተው ጋዝ ለሚለቀው። ከክፍቱ መሳቢያ የወጣው ጋዝ በማቀዝቀዣው ሰፊ አየር ውስጥ ይሳሳል፤ በሩ በተከፈተ ቁጥርም ከፊሉ ይወጣል። ጥቂት ወደ ቅጠሉ መሳቢያ መድረሱ አይቀርም፤ ግን አብሮ በአንድ ሳጥን ከመታፈን በብዙ ያነሰ ነው። ቅዝቃዜውም ያግዛል፤ ፖም በ3 ዲግሪ የሚለቀው ጋዝ በክፍል ሙቀት ከሚለቀው እጅግ ያነሰ ነው።

ክፍቱ መሳቢያ ሌላም ጥቅም አለው፤ ሻጋታ። እንጆሪን የመሰለ ለስላሳ ፍሬ የሚጠፋው በመጠውለግ ሳይሆን በሻጋታ ነው፤ ግራጫው ሻጋታ ደግሞ በዜሮ ዲግሪ አካባቢ እንኳ ቀስ ብሎ ያድጋል። ጋዝ ባይለቅም እንጆሪ ክፍቱ መሳቢያ ውስጥ፣ ሳይታጠብ መቀመጥ አለበት።

እዚህ ላይ እርጥብ አየርና እርጥብ ቅጠል አንድ እንዳልሆኑ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ፤ ብዙ ጥሩ አትክልት የሚበላሸው በዚህ ስህተት ነውና። ቅጠል የሚወደው በእርጥበት የጠገበ አየር ነው። ላዩ ላይ የቆመ የውሃ ጠብታ ግን የሚያበሰብሱ ባክቴሪያዎች መግቢያ ነው፤ እነሱም ቅጠሉን ጥቁር ልጋግ ያደርጉታል። ጠብታው ከየት ይመጣል? አንዱ ምንጭ መታጠብ ነው። ሌላው ሳናስተውለው የምናልፈው የቅጠሉ ሙቀት ነው። በ22 ዲግሪ ያለ ሰላጣ በቀጥታ በተዘጋና በቀዘቀዘ መሳቢያ ውስጥ ቢገባ፣ ሞቃቱ ቅጠል በብዛት ይተናል፤ ትነቱ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ውሃ ሆኖ ይቀርና ተመልሶ ቅጠሉ ላይ ይንጠባጠባል። መፍትሔው ቀላል ነው። አዲስ የመጣ አትክልት ሲገባ መስኮቷን ለሁለት ወይም ለሦስት ሰዓት ከፍቶ ማቆየት፣ ሲቀዘቅዝ መዝጋት ነው። ከቅጠሉ ሥርና በላዩ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ወይም ውሃ የሚመጥ የወጥ ቤት ወረቀት ማድረግም ጠብታውን ይቀበላል። ጨርቁ እርጥብርጥብ ሲል ምንም አይደለም፤ ሲጨመቅ ውሃ ከወጣው መለወጥ አለበት።

አንድ የግዢ ቀን እንውሰድና በዝርዝር እንሂድበት። ሁለት ራስ ሰላጣ፣ አንድ እስር ቆስጣ፣ ቅጠሉ ያልተቆረጠ ካሮት፣ አንድ ብሮኮሊ፣ ስድስት ፖም፣ ጥቂት ብርቱካን፣ ሦስት ጠንካራ አቮካዶና አንድ ኪሎ ቲማቲም ገዝተናል እንበል። ማቀዝቀዣው ሁለት መሳቢያ አለው።

መጀመሪያ የካሮቱን ቅጠል እቆርጣለሁ። ቅጠሉ ሕያው ስለሆነ ከሥሩ ውሃ መሳቡን ይቀጥላል፤ ሳይቆረጥ ከተቀመጠ ካሮቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደ ጎማ ይተጣጠፋል። ከዚያ ሰላጣውንና ቆስጣውን አያለሁ። የተቀጠቀጠ፣ ቢጫ የጀመረ ወይም ጫፉ የጠቆረ ቅጠል ካለ አወጣለሁ፤ አንድ የበሰበሰ ቅጠል ሌሎቹን ሁሉ ያስከትላል። አላጥባቸውም። ጭቃ ይዘው መጥተው መታጠብ ካለባቸው ግን በጨርቅ ላይ ዘርግቼ ላያቸው እስኪደርቅ እጠብቃለሁ። አራቱም፣ ማለትም ሰላጣው፣ ቆስጣው፣ ካሮቱና ብሮኮሊው ወደ አንዱ መሳቢያ ይገባሉ፤ ከሥራቸው ጨርቅ ይነጠፋል፣ መስኮቷም ከቀዘቀዙ በኋላ ትዘጋለች።

ፖሙ ወደ ሌላው መሳቢያ ይገባል፤ መስኮቷ ተከፍታ። እዚህ ላይ የመሳቢያው ሥዕል የማይነግረን ነገር አለ። ፖም ራሱ ደረቅ አየር አይወድም፤ ሳምንታት ከቆየ ቆዳው ይጨማደዳል። ክፍቱ መሳቢያ የሚገባው ለፖሙ ጤና ሳይሆን ለጎረቤቶቹ ደኅንነት ነው። ስለዚህ ቶሎ የማይበላ ከሆነ ጥቂት ቀዳዳ ባላት ከረጢት ውስጥ አድርጌ እዚያው ክፍቱ መሳቢያ ውስጥ አኖረዋለሁ። የተመታ ወይም የተበሳ ፖም ካለ ግን አላስገባውም፤ ቁስል የኤቲሊኑን መጠን ይጨምራል፤ ያ ፖም መጀመሪያ መበላት አለበት። ብርቱካኑ ከፖሙ ጋር ይሆናል፤ ቦታ ከጠበበ መደርደሪያ ላይም ይቀመጣል።

አቮካዶውና ቲማቲሙ ማቀዝቀዣ አይገቡም፤ ገና ነው። ጠንካራ አቮካዶ በቅዝቃዜ መብሰሉን ስለሚያቆም ጠረጴዛ ላይ ይቆያል፤ በጣት ሲጫን ትንሽ መስጠት ሲጀምር ወደ ክፍቱ መሳቢያ ይገባና ጥቂት ቀናት ይታገሣል። ያልበሰለ ቲማቲም በቅዝቃዜ ጣዕሙ ይጠፋል። ሙዝም ከ13 ዲግሪ በታች ቆዳው ይጠቁራል። ሰዎች ለእነዚህ የትኛው መሳቢያ እንደሚሻል ሲከራከሩ እሰማለሁ፤ መልሱ የትኛውም አይደለም ነው።

መሳቢያው አንድ ብቻ ከሆነ ለቅጠሉ ይሰጥ፣ ይዘጋም። ፖሙ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ በከረጢቱ ይቀመጥ። ፕላስቲክ የሌለው፣ ክዳኑ ገጥሞ የሚዘጋ መሳቢያም እንደ ተዘጋ ይቆጠራል። ክዳኑ የተሰበረ ወይም ጠርዙ የማይገጥም ከሆነ ግን ፕላስቲኳ የትም ብትሆን መሳቢያው ክፍት ነው፤ ቅጠሉን በከረጢት ማኖር ግድ ይሆናል።

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን መሳቢያው ምን እንደሚል መስማት ያስፈልጋል። ቅጠሉ ረግቦ ግን አረንጓዴ ከሆነ የጠማው ውሃ ነው፤ መስኮቷ ተከፍታ ወይም መሳቢያው ባዶ በዝቶበት ይሆናል። ይህ ይመለሳል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ቢነከር ይቀናል። ቅጠሉ ጥንካሬው ሳይጓደል ቢጫ ከሆነ ወይም አጥንቱ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ከታየ ጋዝ ደርሶታል፤ ይህ አይመለስም፤ ከኋላው የተረሳ የበሰለ ፍሬ ይፈለግ። ጥቁር ልጋግ ካለው ውሃ ቆሞበታል፤ ይወገድ፣ ጨርቁም ይለወጥ። ቅጠሉ ውሃ ያዘለ ብርጭቆ መስሎ አልፎ ካሳየ ደግሞ በረዶ ነክቶታል። ይህ የሚሆነው የማቀዝቀዣው የኋላ ግድግዳ አጠገብ ነው፤ ቅጠሉን ወደ ፊት መሳብና ሙቀቱን ከ2 እስከ 4 ዲግሪ መካከል ማድረግ ይበቃዋል።

ከላይ የገዛነው ቆስጣ ቀድሞ መበላት አለበት፤ ቅጠሉ ሰፊና ስስ ስለሆነ ከሁሉም ቶሎ ይደክማል። ሰላጣው ይከተላል፤ ቀጥሎ ብሮኮሊው። ካሮቱ ለሳምንታት ይቆያል። ቅጠሉ አልቆ መሳቢያው ውስጥ ካሮት ብቻ ሲቀር ባዶ ቦታ አለ ብሎ ፖሙን ወደዚያ ማዛወር የሚያጓጓ ነው። ካሮቱን በአንድ ሳምንት ውስጥ ስትቀምሱት መርሮ የምታገኙት ያን ጊዜ ነው።